ኒትና የእኩለ ቀን ፀሐይ፦ ስክሪን ደጅ ላይ የሚነበበው መቼ ነው?

ኒት የስክሪን ድምቀት የሚለካበት አሃድ ነው። በስልክ፣ በላፕቶፕና በቴሌቪዥን መግለጫዎች ላይ 500 ኒት፣ 1000 ኒት፣ አንዳንዴም ከ2000 በላይ ተብሎ ይጻፋል። አንዳንድ አምራቾች በኒት ፈንታ cd/m² የሚለውን ምልክት ያስቀምጣሉ፤ ሲነበብ ካንዴላ በካሬ ሜትር ነው፣ ትርጉሙም ከኒት ጋር አንድ ነው። ካንዴላ ከሰባቱ ዓለም አቀፍ መሠረታዊ የመለኪያ አሃዶች አንዱ ሲሆን፣ አንድ ተራ ሻማ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሚሰጠው ብርሃን ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ስክሪን 500 ኒት አለው ከተባለ፣ ፊት ለፊቱ ለቆመ ሰው የሚሰጠው ብርሃን ወደ 500 ሻማ ይጠጋል። የስልክ ስክሪን ስፋት ግን የአንድ ካሬ ሜትር መቶኛ ገደማ ብቻ ነው። 500 ኒት ያለው ስልክ በጠቅላላው የሚሰጠው የአምስት ሻማ ያህል ብርሃን ነው ማለት ነው። ኒት የሚለካው ይህን ጠቅላላ ብርሃን ሳይሆን እያንዳንዷ የስክሪን ቁራጭ የቱን ያህል እንደደመቀች ነው። ትልቅ ቴሌቪዥንና ትንሽ የእጅ ሰዓት በአንድ ቁጥር ሊወዳደሩ የሚችሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከኒት ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታው ሉክስ ነው። ኒት ከአንድ ነገር ወደ ዓይን የሚመጣውን ድምቀት ሲለካ፣ ሉክስ ደግሞ በአንድ ነገር ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ይለካል። ማታ መብራት በበራበት ሳሎን ውስጥ የሚያርፈው ብርሃን 100 ሉክስ አካባቢ ነው። ጥሩ መብራት ያለው ቢሮ ከ300 እስከ 500 ሉክስ ያገኛል። በጠራ ቀን ደጅ ላይ በዛፍ ወይም በግንብ ጥላ ሥር 10,000 ሉክስ አካባቢ ይደርሳል፤ በእኩለ ቀን ፀሐይ ፊት ለፊት ደግሞ 100,000 ገደማ ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ፀሐይዋ የምታልፍበት አየር ስስ ነው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ቀናት ደግሞ ፀሐይ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ከአናት በላይ ትቆማለች። ሰማዩ ከጠራ በእነዚያ ሰዓታት መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከቢሮው ከ200 እጥፍ በላይ ነው።

ሰው ይህን ልዩነት በዓይኑ አይገምተውም፤ ዓይን ከብርሃኑ ጋር ራሱን እያስማማ ስለሚሄድ ደጁ ከቢሮው ጥቂት የደመቀ ብቻ ይመስለዋል። ስሌቱ ግን ግልጽ ነው። በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ ያረፈው ሉክስ ወረቀቱ በሚመልሰው ድርሻ ተባዝቶ ለ3.14 ሲካፈል የወረቀቱ ድምቀት በኒት ይገኛል። ጥሩ ነጭ ወረቀት ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 80 ያህሉን ይመልሳል። ስለዚህ በእኩለ ቀን ፀሐይ ላይ የተዘረጋ ወረቀት 25,000 ኒት ገደማ ይደምቃል። ከዚህ ጋር ሲተያይ 1000 ኒት ያለው ስልክ ከወረቀቱ 25 እጥፍ የጨለመ ነው። ፀሐይን በድምቀት የሚገዳደር ስልክ የለም ማለት ነው፤ ሆኖም ብዙ ስልኮች ፀሐይ ላይ ይነበባሉ። የሚነበቡት ፀሐይን አሸንፈው ሳይሆን በሌላ ምክንያት ነው።

ጽሑፍ የሚነበበው በፊደሉና ከፊደሉ ጀርባ ባለው መደብ መካከል በቂ የድምቀት ልዩነት ሲኖር ነው። ይህ ልዩነት ኮንትራስት ይባላል፤ የሚገለጸውም ደማቁ ክፍል ከጨለማው ክፍል ስንት እጥፍ እንደሆነ በመናገር ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ የስክሪኑ ጥቁር ክፍል እውነትም ጥቁር ስለሆነ ልዩነቱ በሺዎች እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ደጅ ሲወጣ ግን የስክሪኑ መስታወት ከውጭ የመጣውን ብርሃን በከፊል ወደ ዓይን ይመልሳል። ይህ ተመላሽ ብርሃን፣ ማለትም ነጸብራቁ፣ ነጩም ላይ ጥቁሩም ላይ እኩል ይደመራል። ነጩን ብዙም አይለውጠውም፤ ጥቁሩን ግን ግራጫ ያደርገዋል። ፀሐይ ላይ ስክሪን የሚጠፋው በአብዛኛው ነጩ ስለደከመ ሳይሆን ጥቁሩ ጥቁር መሆኑ ስለቀረ ነው።

ስንት እጥፍ ይበቃል? ለድረ ገጽ አዘጋጆች የወጣው ዓለም አቀፍ የተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 እጥፍ፣ ለትልልቅ ፊደላት ደግሞ 3 እጥፍ ይጠይቃል። ጤናማ ዓይን ከዚያም ባነሰ ልዩነት ፊደል መለየት ይችላል፤ ንባቡ ግን እየከበደ ይሄዳል፣ ከ2 እጥፍ በታች ሲወርድ ደግሞ ሰው ስልኩን ማዘንበልና በእጁ መከለል ይጀምራል።

ነጸብራቁ ከየት እንደሚመጣ ማየት ነገሩን ሁሉ ይፈታዋል። ማንኛውም ያልተቀባ መስታወት ከአየር ጋር በሚገናኝበት ገጽ ላይ ከሚመጣበት ብርሃን ከመቶ 4 ያህሉን እንደ መስተዋት ይመልሳል። ከውስጥ ያሉት ንብርብሮች የሚጨምሩት ተደምሮ፣ ለስሌት እንዲመች የአንድ ደህና ስልክ ነጸብራቅ ከመቶ 5 ነው ብሎ መነሳት ይቻላል። እንግዲህ ወሳኙ ጥያቄ ይህ ከመቶ 5 የሚወሰደው ከምን ላይ ነው የሚለው ነው። መስተዋት የሚያሳየው በትይዩው ያለውን ነገር ስለሆነ፣ የነጸብራቁ መጠን የሚወሰነው ስልኩ ወደ ምን እንደዞረ ነው።

ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ መርካቶ ውስጥ ደጅ ቆሞ የቴሌብር የክፍያ መልእክት የሚያረጋግጥ ነጋዴ በምሳሌነት ይወሰድ። ስልኩ 500 ኒት ይሰጣል። ነጋዴው ስልኩን በወገቡ ልክ ጋደም አድርጎ ቢይዘው፣ መስታወቱ ውስጥ የሚታየው ከበላዩ ያለው ሰማይ ነው። የጠራ ሰማያዊ ሰማይ 5,000 ኒት አካባቢ ይደምቃል፤ የዚህ ከመቶ 5 ደግሞ 250 ኒት ነው። የስክሪኑ ነጭ 500 ሲደመር 250፣ ማለትም 750 ሆነ፤ ጥቁሩ ደግሞ ከዜሮ ተነስቶ 250 ሆነ። 750 ለ250 ሲካፈል 3 እጥፍ ይመጣል። መልእክቱ ይነበባል፣ ግን በምቾት አይደለም።

በዚያው ቅጽበት ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ደመና ከስልኩ ትይዩ ቢመጣ ታሪኩ ይለወጣል። እንዲህ ያለ ደመና 20,000 ኒት ሊደርስ ስለሚችል ነጸብራቁ 1000 ኒት ይሆናል። ነጩ 1500፣ ጥቁሩ 1000፤ ልዩነቱ አንድ እጥፍ ከግማሽ ብቻ ነው። ስልኩ ያው፣ ቁጥሩም ያው 500 ኒት ሆኖ ሳለ ጽሑፉ ጠፋ። ሰማዩ ጥርት ካለበት ቀን ይልቅ ነጫጭ ደመና ጣል ጣል ያለበት ቀን ለስክሪን ንባብ የሚከፋው በዚህ የተነሳ ነው።

ነጋዴው አሁን ስልኩን ወደ ፊቱ ቀጥ አድርጎ ያንሳውና መስታወቱ ውስጥ የሚታየው ጥላ ውስጥ ያለ የራሱ ጥቁር ጃኬት ይሁን። እንዲህ ያለ ገጽ 1000 ኒት ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ነጸብራቁም 50 ኒት ብቻ ይሆናል። ነጩ 550፣ ጥቁሩ 50፤ ልዩነቱ ወደ 11 እጥፍ ዘለለ። ጃኬቱ ጥቁር ባይሆንና በምትኩ ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ነጠላ ወይም ነጭ ሸሚዝ ቢሆን ግን፣ ልብሱ ራሱ በ10,000 ኒት ሊደምቅ ስለሚችል 500 ኒት ነጸብራቅ ይመልሳል፤ ልዩነቱም ወደ 2 እጥፍ ይወርዳል። በዓል ለብሰው የወጡ ሰዎች ስልካቸውን ለማንበብ ሲቸገሩ የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህ ስሌት በሌሎች ስልኮች ሲሞከር አንድ ያልተጠበቀ ውጤት ይሰጣል። 1000 ኒት ያለው ውድ ስልክ ወደ ሰማያዊ ሰማይ ዞሮ ሲነበብ ልዩነቱ 1250 ለ250፣ ማለትም 5 እጥፍ ነው። 250 ኒት ብቻ ያለው ርካሽ ስልክ በጥቁሩ ጃኬት ትይዩ ሲያዝ ደግሞ 300 ለ50፣ ማለትም 6 እጥፍ ይሆናል። አያያዙን ያወቀ ሰው በአራተኛ ድምቀት ከውዱ ስልክ የተሻለ ያነባል። በእርግጥ ደማቁ ስልክ በዚያው ጥሩ አያያዝ 21 እጥፍ ስለሚሰጥ ኒት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ ብቻውን መልስ እንደማይሆን ግን ያሳያል።

ስሌቱ ሁለት ነገሮችን ወደ ጎን ትቷል። አንደኛው ዓይን ነው። በ25,000 ኒት ወረቀትና በደማቅ አስፋልት መካከል የቆመ ሰው ዓይኑ ለዚያ ድምቀት ስለተስማማ፣ ኮንትራስቱ በቂ ቢሆንም እንኳ 250 ኒቱ ስክሪን ደብዘዝ ያለና ጥቁር መስኮት የመሰለ ሆኖ ይታየዋል። ደጅ ላይ ብዙ ኒት የሚያስፈልገው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሁለተኛው በቀጥታ ስክሪኑ ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ጨረር ነው። ንጹሕ ለስላሳ መስታወት ጨረሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚመልሰው፣ ሰው ስልኩን ትንሽ አዘንብሎ ያመልጠዋል። የጣት ቅባት፣ አቧራና ጭረት ግን ጨረሩን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትኑታል። ከሚያርፈው 100,000 ሉክስ ውስጥ ከመቶ አንዱ ብቻ ቢበተን ስክሪኑ ላይ 318 ኒት ጭጋግ ይነጠፋል፤ ይህም ከሰማያዊው ሰማይ ነጸብራቅ ይበልጣል፣ በማዘንበልም አይጠፋም። በጨርቅ መወልወል ወይም በእጅ መከለል ግን ያጠፋዋል።

አምራቾች የሚጽፉት የኒት ቁጥር እንዴት እንደሚነበብ ማወቅ የሚገዛውን ሰው ከብዙ ስህተት ያድነዋል። አንድ ስልክ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ሳይሆን ሦስት ቁጥር ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው አይፎን 14 ፕሮ ጥሩ ማሳያ ነው። አፕል ለዚህ ስልክ የጻፈው በተለመደው አጠቃቀም ከፍተኛው 1000 ኒት፣ ኤችዲአር ለተባለው ልዩ ቪዲዮና ፎቶ 1600 ኒት፣ ደጅ ላይ ደግሞ 2000 ኒት ነው። መልእክት ለሚያነብ ሰው የ1600ው ቁጥር ምንም አይነግረውም፤ እሱ የሚመለከተው በቪዲዮ ውስጥ ያሉ ደማቅ ቦታዎችን፣ ለምሳሌ የመኪና መብራትን ወይም በውሃ ላይ የሚያብረቀርቅ ፀሐይን ነው። ደጅ የሚያነብ ሰው የሚፈልገው ሦስተኛውን ቁጥር ነው። ሦስቱን ለይቶ የማይጽፍ አምራች ብዙ ጊዜ ትልቁን ብቻ መርጦ ያስቀምጣል።

ትልቁ ቁጥር የሚገኝበት ሁኔታም ጠባብ ነው። በኦሌድ ስክሪን ላይ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ብርሃን ስለሚያመነጭ፣ ጥቂት ነጥቦች ብቻ ሲበሩ ኃይሉ ሁሉ ለእነሱ ይሰጥና በጣም ይደምቃሉ። ገጹ በሙሉ ነጭ ሲሆን ኃይሉ ለሁሉም ስለሚከፋፈልና ሙቀቱም ስለሚጨምር ስልኩ ድምቀቱን ዝቅ ያደርጋል። አንዳንድ ማስታወቂያዎች ላይ የሚታዩት ከ3000 በላይ የሆኑ ቁጥሮች የሚገኙት የስክሪኑ ትንሽ ቁራጭ ብቻ ሲበራ ነው። በኤልሲዲ ስክሪን ላይ ግን ከኋላ ያለው መብራት ሙሉውን ስለሚያበራ፣ 500 ኒት የተባለው ገጹ ሙሉ ነጭ ሲሆንም 500 ነው።

ሌላው በቀላሉ የሚረሳ ነገር፣ ከፍተኛው የደጅ ድምቀት በብዙ ስልኮች ላይ በእጅ ተስቦ የማይመጣ መሆኑ ነው። የብራይትነሱን መስመር እስከ መጨረሻው የሳበ ሰው የሚያገኘው ለቤት ውስጥ የተቀመጠውን ጣሪያ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ስልኩ የሚከፍተው በራሱ የብርሃን መመርመሪያ ብርቱ ፀሐይ መኖሩን ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድሮይድ ላይ Adaptive brightness፣ አይፎን ላይ ደግሞ Auto-Brightness የተባለው መብራት አለበት። ባትሪ ለመቆጠብ ይህን ያጠፋ ሰው ደጅ ሲወጣ የስልኩን ግማሽ አቅም ያህል ሳያውቅ ዘግቶ ሊሆን ይችላል። መመርመሪያው ብዙውን ጊዜ ከስክሪኑ አናት አካባቢ ስላለ፣ ስልኩን አግድም ይዞ በእጁ የሸፈነው ሰው ስክሪኑን ራሱ ያጨልመዋል።

የኒት ቁጥር በእጥፍ ሲያድግ የሚታየው ለውጥም በእጥፍ አያድግም። ዓይን ድምቀትን የሚለየው ዝግ ባለ መሰላል ስለሆነ ከ500 ወደ 1000 ኒት የሚደረገው ጭማሪ ለተመልካች ከሩብ ብዙም የማይበልጥ ሆኖ ነው የሚሰማው። ባትሪው ግን ያን እጥፍ ኃይል ይከፍላል። ነጸብራቅን በግማሽ መቀነስ የደጅ ኮንትራስትን ወደ እጥፍ ሲያስጠጋ ባትሪ አይነካም፤ ለዚህም ነው መሐንዲሶች በዚያ በኩል የሚደክሙት። ከኦሌድ ነጥቦች ጀርባ እንደ መስተዋት የሚያበሩ የብረት ስሶች ስላሉ፣ ከላያቸው ሰርኩላር ፖላራይዘር የተባለ ስስ ማጣሪያ ይደረጋል፤ ከውጭ የገባውን ብርሃን አስገብቶ ሲመለስ ይይዘዋል። ከስክሪኑ የራሱ ብርሃንም ከግማሽ በላዩን ይበላል፤ ቢሆንም ደጅ ላይ ትርፉ ከኪሳራው ይበልጣል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ጋላክሲ ኤስ24 አልትራ ደግሞ መስታወቱ ራሱ ነጸብራቅን እንዲቀንስ ተደርጎ ተሠራ፤ መስታወቱን የሠራው ኮርኒንግ ቅነሳው እስከ ከመቶ 75 እንደሚደርስ ገልጿል። በዚህ ስልክ ላይ ተራ ስክሪን ፕሮቴክተር የለጠፈ ሰው ያን ጥቅም ያጣል፤ አሁን ከአየር ጋር የሚገናኘው የፕሮቴክተሩ ተራ መስታወት ነውና።

ፕሮቴክተር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሙሉ በሙሉ ሙጫው ከስክሪኑ ጋር የተጣበቀ ፕሮቴክተር ነጸብራቅን ብዙም አይጨምርም፤ ሙጫው በሁለቱ መስታወቶች መካከል ያለውን አየር ስለሚያስወጣ ብርሃኑ ሳይመለስ ያልፋል። ዳር ዳሩን ብቻ በሙጫ የተያዘና መሐሉ አየር ያለበት ከሆነ ግን ሁለት አዳዲስ የአየርና የመስታወት ገጾች ይፈጠራሉ። እያንዳንዳቸው ከመቶ 4 ሲመልሱ ጠቅላላው ነጸብራቅ ከመቶ 5 ወደ 12 እና 13 ይወጣል። በነጋዴው ስሌት ሰማያዊው ሰማይ የሚመልሰው 250 ኒት ወደ 650 ያድጋል፤ 500 ኒቱ ስልክ ልዩነቱ ከ3 እጥፍ ወደ 1.8 ይወርዳል። ገጹ ሻካራ የሆነው የማያብረቀርቅ ፕሮቴክተር ደግሞ ቢሮ ውስጥ የመብራት ምስልን ስለሚያጠፋ ይወደዳል፤ በቀጥታ ፀሐይ ላይ ግን ቅባት እንደሚያደርገው ሁሉ ጨረሩን ስለሚበትነው ስክሪኑን በጭጋግ ይሸፍነዋል።

ተመሳሳይ ነገር በጥገና ላይም ይገጥማል። የተሰበረ ስክሪን በርካሽ ኮፒ ሲተካ፣ ኦሌድ የነበረው አንዳንዴ በኤልሲዲ ይቀየራል፤ ድምቀቱም ነጸብራቁም ከፋብሪካው ጋር አይገናኝም። መለያው ቀላል ነው፦ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሙሉ ጥቁር ምስል ሲከፈት ኦሌድ ጨርሶ ይጠፋል፣ ኤልሲዲ ግን ከኋላው ባለው መብራት ምክንያት ግራጫ ጮራ ያሳያል።

በፀሐይ ላይ የስክሪን ሌላው ጠላት ሙቀት ነው። እኩለ ቀን ላይ አንድ ካሬ ሜትር መሬት 1000 ዋት አካባቢ የፀሐይ ኃይል ይቀበላል። ስፋቱ የካሬ ሜትር መቶኛ የሆነ ስልክ ታዲያ ፊቱን ለፀሐይ ከሰጠ 10 ዋት ያህል ያርፍበታል፤ ጥቁር መስታወቱም አብዛኛውን ይውጠዋል። ስልኩ ራሱ ካርታ ከፍቶ በሙሉ ድምቀት ሲሠራ የሚያመነጨው ሙቀት ጥቂት ዋት ብቻ ስለሆነ፣ ፀሐይ የምትጨምርበት ከራሱ ይበልጣል። አፕል አይፎን እንዲሠራበት የሚመክረው የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ስልኩ ከተወሰነ ሙቀት ሲያልፍ ባትሪውንና ስክሪኑን ለማዳን ድምቀቱን በራሱ ይቀንሳል። በመተግበሪያ ተጠርቶ የሚሠራ የታክሲ ሹፌር ጠዋት ጥርት ብሎ የሚታየው ካርታ ከምሳ በፊት የሚደበዝዝበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ቻርጅ ማድረጉ ሙቀቱን ያብሰዋል። ስልኩን ከዳሽቦርዱ አንስቶ የመኪናው ቀዝቃዛ አየር በሚወጣበት ቀዳዳ ፊት መስቀል ጨረሩንም ሙቀቱንም ይቀንሳል።

መነጽርም ስክሪን ያጠፋል። ፖላራይዝድ የተባለው የፀሐይ መነጽር በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ ስለሚያሳልፍና ከብዙ ስክሪኖች የሚወጣው ብርሃንም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲቆራረጡ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። የባንክ ማሽን ወይም የመኪና ስክሪን መነጽር አድርጎ ሲታይ የጠፋ የሚመስለው በዚህ ነው። ስልኩን ከቁመቱ ወደ ወርዱ ማዞር ብቻ ምስሉን ከመለሰው ጥፋቱ የመነጽሩ ነው።

እነዚህን ምክንያቶች በዓይን መለየት ይቻላል። ስክሪኑ ውስጥ ሰማይ፣ ሕንፃ ወይም የራስ ፊት ጥርት ብሎ ከታየ ችግሩ የመስተዋት ነጸብራቅ ነው፤ ማዘንበል ይፈታዋል። ምስል ሳይታይ ጠቅላላው ነጭ ጭጋግ ከለበሰ ቅባት፣ ጭረት ወይም ሻካራ ፕሮቴክተር ነው። ምስልም ጭጋግም ሳይኖር ስክሪኑ ጨለም ብሎ ከታየ ኒቱ ያንሳል ወይም ራስ ሰር ብራይትነሱ ጠፍቷል። መጀመሪያ ደማቅ ሆኖ ከደቂቃዎች በኋላ የደበዘዘ ደግሞ ሞቋል።

ይዘቱም የራሱ ድርሻ አለው። ፀሐይ ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው ጥቁር ፊደል ሳይሆን ግራጫ ፊደል ነው። በ500 ኒት ስልክ ላይ 200 ኒት የሚደምቅ ግራጫ ጽሑፍ በነጭ ገጽ ላይ ቢጻፍ፣ ሰማያዊው ሰማይ 250 ሲጨምርበት ልዩነቱ 750 ለ450፣ ማለትም 1.7 እጥፍ ይሆናል፤ ጥቁሩ ጽሑፍ ግን በዚያው ቅጽበት 3 እጥፍ ነው። የክፍያ መተግበሪያዎች ቀኑንና የግብይት ቁጥሩን በቀጭን ግራጫ ፊደል የመጻፍ ልማዳቸው ከቢሮ ውጭ ተፈትኖ የማያውቅ ንድፍ ነው። ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ፊደል የሚያሳየው የማታ ገጽታም ቀን ላይ አይመከርም፤ ጥቁሩ መደብ ሰማዩንና ፊትን ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ዓይን በፊደልና በምስል መካከል ይዋልላል። ነጭ መደብ ግን ነጸብራቁን በድምቀቱ ውስጥ ይሰውረዋል።

ስልክ የሚገዛ ሰው የሱቁን መብራት ማመን የለበትም፤ እዚያ ያለው ጥቂት መቶ ሉክስ ሁሉንም ስክሪን ያሳምራል። ራስ ሰር ብራይትነሱን አብርቶ፣ ነጭ ገጽ ላይ የተጻፈ ረጅም መልእክት ከፍቶ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት አካባቢ ደጅ መውጣት ይሻላል። መመርመሪያው ብርሃኑን እስኪያውቅ ጥቂት ሰከንድ ይታገሡታል፤ ከዚያ ስልኩን አጋድሞ ሰማይ እንዲያይ ማድረግና ትንሹን ፊደል ማንበብ ነው። የቀድሞው ባለቤት ፕሮቴክተር ለጥፎበት ከሆነ ከመሞከር በፊት ማስነሳት ፍርዱን ያስተካክላል። ሙቀቱን ለማወቅ ደግሞ ካርታ ከፍቶ አሥር ደቂቃ ያህል ፀሐይ ላይ መቆየት ያስፈልጋል። ለዚህ አጠቃቀም 500 ኒት አካባቢ ዝቅተኛው ነው ማለት ይቻላል፤ በሰማያዊ ሰማይ ትይዩ 4.5 እጥፍ ለማግኘት ግን ስሌቱ ወደ 900 ኒት ይወስዳል። ብዙ ርካሽ ላፕቶፖች ከ250 እስከ 300 ኒት ብቻ ስላላቸው ደጅ የሚሠራባቸው ሰው ጥላ መፈለጉ አይቀርም፤ 500 ኒት ያላቸው ደህና ላፕቶፖችም በጥላ ሥር እንጂ በግልጽ ፀሐይ ላይ አይመቹም።

ከዚህ ሁሉ ፉክክር የወጡ ስክሪኖችም አሉ። የኪንድል መጽሐፍ ማንበቢያ የሚጠቀምበት ኢ ኢንክ የራሱን ብርሃን ሳይሆን የፀሐይን ብርሃን ነው የሚሸጠው፤ ነጩ ክፍል ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 40 ያህሉን ይመልሳል። በ100,000 ሉክስ ሥር ይህ ከ12,000 ኒት ያልፋል፤ ከደማቅ ስልክም በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ያለ ባትሪ ወጪ። ፀሐይዋ ስትበረታ ነጩም ጥቁሩም አብረው ስለሚደምቁ ኮንትራስቱ አይወርድም። ጋርሚን ለሩጫና ለመስክ የሚሠራቸው አንዳንድ የእጅ ሰዓቶችም የሚመጣውን ብርሃን መልሰው የሚጠቀሙበት ስክሪን አላቸው። የሚያጡት ቀለምንና ፍጥነትን ነው፦ የኢ ኢንክ ገጽ ሲለወጥ ብልጭ ብሎ ይዘገያል፣ ቪዲዮም አይታይበትም፤ የሰዓቶቹ ቀለምም ቤት ውስጥ የታጠበ ልብስ ይመስላል። ማታ ደግሞ ሁለቱም ተጨማሪ መብራት ይፈልጋሉ።